ዜማው ዶ–ሬ–ሚ ሲወጣ ፓራለል ፊፍዝ እየመጣብኝ ነው፤ የት ጋ ነው የማስተካክለው?

የእሁድ ኪቦርድ

ሰላም ለሁላችሁ። ለኳየራችን አንድ መዝሙር በአራት ድምፅ እየጻፍኩ ነው። ዜማው በትዝታ ሜጀር ነው፣ ቀላልና ምዕመኑ ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት። ማሳረጊያው ላይ ዶ–ሬ–ሚ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። በኪቦርድ ስናጅበው ሁልጊዜ የፋ ኮርድ፣ የሶል ኮርድ፣ ከዚያ የዶ ኮርድ ነው የምንመታው። እኔም እሱኑ ለድምፅ አከፋፈልኩት፦

ሶፕራኖ፦ ዶ – ሬ – ሚ
አልቶ፦ ፋ – ሶል – ሶል
ቴነር፦ ላ – ሲ – ዶ
ቤዝ፦ ፋ – ሶል – ዶ

ቤዙ ፋ ያልኩት ከመሃል ዶ በታች ያለችው ናት፤ ሶፕራኖ ደግሞ ከመሃል ዶ አንድ ኦክታቭ በላይ ካለችው ዶ ትጀምራለች። በኪቦርድ ስሰማው ምንም አይልም። ልምምድ ላይ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኮርዶች ጋ የሆነ ነገር ይከሳል። ሃያ ሰው እየዘመረ ድምፁ ሳሳ ይላል። ሙዚቃ የተማረ ጓደኛዬ ወረቀቱን አየት አደረገና «ፓራለል አለብህ» ብሎኝ ሄደ። የት ነው ያለብኝ? ደግሞስ ዜማውን ሳልነካ ማውጣት ይቻላል?

ጊታሩ

ወንድሜ፣ ሰው ዝም ብሎ ያስጨንቅሃል። እኛ በጊታር ፓወር ኮርድ የምንለው ራሱ ፊፍዝ ነው። ፋ ላይ ይዘህ ወደ ሶል ታንሸራትተዋለህ፣ አለቀ። ፓራለል ፊፍዝ ማለት እኮ ይሄው ነው። ዓለም ሁሉ ሮክ የሚጫወተው በእሱ ነው። ድምፁ የሳሳው ምናልባት ማይክ አቀማመጥ ይሆናል። ቴነሮቹን ወደ ፊት አምጣቸው።

ቴነር ከሐዋሳ

ጊታሩ፣ ልጁ የጠየቀው ስለ ኳየር ነው፤ ጊታር ሌላ ነገር ነው።

የእሁድ ኪቦርድ፣ ችግሩ ቤዝና ሶፕራኖ ላይ ነው። ቤዝ ፋ፣ ሶፕራኖ ዶ፤ ከፋ ስትቆጥር ዶ አምስተኛ ናት፣ ይሄ ፊፍዝ ነው። ቀጥሎ ቤዝ ሶል፣ ሶፕራኖ ሬ፤ ይሄም ፊፍዝ። ሁለቱም ያንኑ ርቀት ይዘው አንድ እርምጃ ወደ ላይ ሄዱ፤ ፓራለል የሚሉት ይሄንን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ የፋን ኮርድ ገልብጠው። ቤዙን ላ ላይ አስቀምጠውና ወደ ሶል ይውረድ። ሶፕራኖ ሲወጣ ቤዝ ይወርዳል ማለት ነው። ቴነሩን ዶ ስጠው፦

ሶፕራኖ፦ ዶ – ሬ – ሚ
አልቶ፦ ፋ – ሶል – ሶል
ቴነር፦ ዶ – ሲ – ዶ
ቤዝ፦ ላ – ሶል – ዶ

በቃ፣ ጸዳ።

የእሁድ ኪቦርድ

ኧረ ተባረክ! ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ።

አሮጌ ማስታወሻ

ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? ቴነር ከሐዋሳ ግማሹን መንገድ ወስዶሃል። ቤዙን ወደ ታች ማውረዱ ትክክለኛ ሐሳብ ነው። ግን አልቶውን ተመልከተው። አልቶ ፋ፣ ሶፕራኖ ዶ። ቀጥሎ አልቶ ሶል፣ ሶፕራኖ ሬ። ያው ፊፍዝ ነው፤ ከቤዝ ተነስቶ አልቶ ውስጥ ገባ እንጂ አልወጣም።

አንተ መጀመሪያ የጻፍከው ላይ አንድ ሳይሆን ሦስት ፓራለል ነበረ። ቤዝና ሶፕራኖ በፊፍዝ። አልቶና ሶፕራኖ በፊፍዝ። ቤዝና አልቶ ደግሞ በኦክታቭ፣ ምክንያቱም ሁለቱም ፋ ይዘው ሁለቱም ወደ ሶል ሄዱ። አራት ድምፅ ሲኖር ጥንዶቹ ስድስት ናቸው። ሰው ብዙ ጊዜ ላይኛውንና ታችኛውን ብቻ አይቶ ያቆማል፤ መሃል ያሉት ሳይታዩ ይቀራሉ።

እኔ ስፈትሽ ስድስቱንም ጥንድ እስከ መጨረሻው አልከተልም። መጀመሪያ ኮርዱን አያለሁ። እዚያ ውስጥ ፊፍዝ ወይም ኦክታቭ የያዙት የትኞቹ ጥንዶች ናቸው? እነሱን ብቻ በእርሳስ አያይዛቸዋለሁ። ቀጥሎ እነዚያው ጥንዶች ተንቀሳቅሰው ያንኑ ርቀት ይዘው ደረሱ ወይ ብዬ አያለሁ። ሁለቱም ቆመው ያንኑ ኖታ ቢደግሙት ችግር የለውም፤ እንቅስቃሴ ከሌለ ፓራለል የለም። ርቀቱ ኦክታቭ ተጨምሮበት ቢሰፋም ያው ይቆጠራል፤ የአንተ ቤዝና ሶፕራኖ በጣም ተራርቀው ነው ፊፍዝ የሆኑት።

አሁን «ለምን ሳሳ?» ላልከው። አንተ የጻፍካት የቤዝ ፋ በሴኮንድ ወደ 175 ጊዜ ትነዝራለች። የሶፕራኖዋ ዶ ወደ 523። ብታባዛው ሦስት እጥፍ ነው። ይህ ማለት ቤዞቹ ፋ ብለው ሲዘምሩ ከድምፃቸው ውስጥ ያቺ ዶ ራሷ በስሱ ትሰማለች። ሶፕራኖዎቹ የሚዘምሩት ቤዙ ውስጥ ቀድሞ ያለ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ሲሆን ጆሮ ደስ ይለዋል፣ ኮርዱ ይሞላል። ግን ሁለቱ አብረው ወደ ሶልና ሬ ሲሄዱ፣ 196 እና 587፣ እንደገና ሦስት እጥፍ ነው። ጆሮ «እነዚህ ሁለት ሰዎች አይደሉም፣ አንድ ሰው ነው» ይልና ያዋህዳቸዋል። አልቶህ ደግሞ ከቤዙ ጋር በኦክታቭ ስለሄደ እሱም እዚያው ገባ። የቀረህ ቴነር ብቻ ነው። ሃያ ሰው አቁመህ በሁለት ድምፅ አስዘመርካቸው ማለት ነው። ኪቦርድ ላይ ያልተሰማህ አራቱም ድምፅ ከአንድ ሳጥን፣ በአንድ ቀለም ስለሚወጣ ነው። እዚያ መጀመሪያውኑ አራት ሰው አልጠበቅክም።

ጊታሩ ያልከው ፓወር ኮርድም በዚሁ ምክንያት ነው የሚያምረው። አንድ ወፍራም ድምፅ ነው የምትፈልገው፣ ታገኘዋለህ። እዚህ የሚፈለገው ግን ተቃራኒው ነው።

የእሁድ ኪቦርድ

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። አሁን ገባኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። አንደኛ፣ ቤዙን ፋ ላይ ትቼው ወደ ታችኛው ሶል ባወርደውስ? ሶፕራኖ ይወጣል፣ ቤዝ ይወርዳል፣ አቅጣጫቸው ተለየ። ሁለተኛ፣ አልቶ ከፋ ወደ ሶል ስትሄድ መሃል ላይ አንድ ፈጣን ኖታ ጣል ባደርግስ አይፈርስም?

አሮጌ ማስታወሻ

የመጀመሪያው የብዙ ሰው ማምለጫ ነው። ከፋ ወደ ታችኛዋ ሶል መውረድ የሰባት ዝላይ ነው፣ ቤዞችህ ይጠሉሃል። ዝላዩን ቢወዱትም እንኳ ፊፍዝ ተነስቶ ፊፍዝ ላይ ነው የሚደርሰው። አቅጣጫው መለየቱ መድረሻውን አይለውጠውም። የድሮዎቹ ይህንንም ከፓራለል ጋር ይቆጥሩት ነበር። ብዙ ድምፅ ባለበት ሥራ መጨረሻ ላይ አልፎ አልፎ ይታለፋል፤ በአራት ድምፅ፣ ያውም በውጪዎቹ ሁለት ድምፆች መካከል፣ አይመከርም።

ፈጣን ኖታ ማስገባቱም ብዙ አይጠቅምም። ጆሮ የሚይዘው ምቱ ላይ ያለውን ነው። አንደኛው ምት ላይ ፋና ዶ፣ ሁለተኛው ምት ላይ ሶልና ሬ ካለ፣ መሃል የገባችው ኖታ ጌጥ ናት እንጂ አጥር አይደለችም።

ነገሩን በሌላ በኩል እየው። ዜማህ ዶ ይዞ ወደ ሬ ይሄዳል፣ ይህን አትነካውም። ስለዚህ የፋ ኮርድን እስከተጠቀምክ ድረስ ፋን የያዘ ማንኛውም ድምፅ ከዜማው ጋር ፊፍዝ ነው። ያ ድምፅ ወደ ሶል ከሄደ ፓራለል ይሆናል። ቤዝ ይሁን፣ ቴነር ይሁን፣ አልቶ ይሁን ለውጥ የለውም። እንግዲህ ደንቡ ለዚህ ቦታ አንድ ነው፦ ፋ የያዘ ሰው ወደ ሶል አይሄድም። ወዴት ይሂድ? ወደ ሬ ይውረድ፣ ወይም ባለበት ይቁም። ቢቆም የሶል ኮርድህ ሰባተኛ ያለው ኮርድ ይሆናል፣ ከዚያ ፋ ወደ ሚ ይወርዳል። ያኔ ግን ሶፕራኖም ሚ ላይ ነው የምትደርሰው፤ መጨረሻው ኮርድ ላይ ሚ ሁለት ይሆናል። አይከለከልም፣ ግን ለማሳረጊያ ከበድ ይላል።

እኔ ብሆን የፋን ኮርድ ጨርሶ እተወዋለሁ። ዶ እኮ ላ ማይነር ውስጥም አለች፦

ሶፕራኖ፦ ዶ – ሬ – ሚ
አልቶ፦ ሚ – ሶል – ሶል
ቴነር፦ ዶ – ሲ – ዶ
ቤዝ፦ ላ – ሶል – ዶ

ቤዝ ላ ከመሃል ዶ በታች ያለችው ናት፣ ወደ ሶል አንድ እርምጃ ትወርዳለች፣ ከዚያ ወደ ታችኛዋ ዶ። የቴነሩ ዶ መሃል ዶ ራሷ ናት። የአልቶ ሚ ከእሷ በላይ። እዚህ ፊፍዝ የያዘው ጥንድ አንድ ብቻ ነው፣ ቤዝ ላ እና አልቶ ሚ። አልቶ ወደ ሬ ብትወርድ ኖሮ ፓራለል ነበር፣ ላ–ሚ ወደ ሶል–ሬ። ለዚህ ነው ወደ ላይ ወደ ሶል የላክኋት። ኦክታቭ የያዙት ቴነርና ሶፕራኖ ናቸው፤ አንዱ ይወርዳል አንዷ ትወጣለች፣ ይለያያሉ። ቀጥሎ ከሶል ወደ ዶ ስትሄዱ ፊፍዝ የያዙት አልቶና ሶፕራኖ፣ እንዲሁም ቤዝና ሶፕራኖ ናቸው፤ አልቶ ትቆማለች፣ ቤዝ ወደ ዶ ይወርዳል፣ ሶፕራኖ ወደ ሚ ትወጣለች። ቤዝና አልቶ በኦክታቭ ናቸው፤ ቤዝ ይዘላል፣ አልቶ ትቆማለች። አለቀ።

ቴነር ከሐዋሳ

አልቶውን ሳላይ ነው የጻፍኩት፣ ልክ ኖት ጋሼ። ግን አንድ ነገር አልዋጠልኝም። የእርስዎ ላይም እኮ አልቶና ሶፕራኖ ሶልና ሬ ላይ በፊፍዝ ይገናኛሉ፣ ሁለቱም ወደ ላይ ሄደው። ይሄስ «ድብቅ ፊፍዝ» የሚሉት አይደለም?

አሮጌ ማስታወሻ

ነው። ዓይንህ ጥሩ ነው። ግን ያ ደንብ ጠበቅ የሚለው በቤዝና በሶፕራኖ መካከል ነው፣ ያውም ሶፕራኖ ስትዘል። እዚህ አልቶ ናት የዘለለችው፣ ሶፕራኖ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሄደችው፣ የተነሱትም ከፊፍዝ አይደለም። እኔ አልፈዋለሁ። በዚህ ቦታ ጠበቅ የሚል አስተማሪ አጋጥሞኝ ያውቃል፤ በዝምታ አዳምጠውና ጻፈው እንደወደደ።

አልቶዋ ከዲሲ

እኔ የማማርረው ሌላ ነገር ነው 😅 ሁልጊዜ አልቶ ሶል–ሶል–ሶል! እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ኳየራችን ውስጥ አልቶ ከሆንኩ ጀምሮ ሶል ላይ ቤት ሠርቻለሁ። ጋሼ እርስዎም ያው ሶል–ሶል ሰጡን። ቢያንስ ከሚ አስነሱን፣ እናመሰግናለን።

አሁን ቁም ነገር። የኛ ችግር ተመሳሳይ ይመስለኛል። መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል ሶል ኮርድ ይመጣና ሰው ሁሉ ዶን ሲጠብቅ ላ ማይነር ይገባል። ያቺ ቦታ ላይ ሁላችንም አንድ አንድ እርምጃ እንወጣለን። ቤዝ ሶል ወደ ላ፣ ቴነር ሬ ወደ ሚ፣ እኛ ሶል ወደ ላ፣ ሶፕራኖ ሲ ወደ ዶ። ደስ ይላል ለመዘመር፣ ማንም አይሳሳትም። ግን የተቀዳውን ስሰማው እኛ አልቶዎች የለንም። ጠፍተናል።

የእሁድ ኪቦርድ

ጋሼ ሳይመልሱ እኔ ልሞክር እስቲ። ቤዝና ቴነር ሶል–ሬ፣ ቀጥሎ ላ–ሚ፤ ፓራለል ፊፍዝ። ቤዝና አልቶ ሶል–ሶል፣ ቀጥሎ ላ–ላ፤ ፓራለል ኦክታቭ። እናንተ የጠፋችሁት ቤዙ ውስጥ ስለገባችሁ ነው። ሶፕራኖ ሲ ስለያዘች ወደ ዶ መሄዷ ግድ ነው፣ ቤዝም ወደ ላ ይውጣ። ስለዚህ እናንተና ቴነሩ ወደ ታች ኑ። አልቶ ሶል ወደ ሚ፣ ቴነር ሬ ወደ ዶ። ኮርዱ ላ–ዶ–ሚ–ዶ ይሆናል። ዶ ሁለት ጊዜ ነው፣ ያስኬዳል?

አሮጌ ማስታወሻ

ያስኬዳል። ለዚያ ቦታ የተለመደው አጻጻፍ ራሱ እሱ ነው። ላ ማይነር ውስጥ ላን ደግሜ እጽፋለሁ ብለህ ብትሟገት ነው ፓራለል የሚመጣው። አልቶዋ፣ ደራሲያችሁን «ቤዝ ሲወጣ እኛን አውርደን» በይው።

አልቶዋ ከዲሲ

እሺ፣ ግን ወደ ሚ መውረዱን አልቶዎቹ ይቀበሉታል ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ስብሰባ ይፈልጋል። ሁሉም ሲወጣ መውረድ ይከብዳል፤ ጎን ያለው ሰው ይጎትትሻል።

ታሪክ ወዳድ

ይቅርታ ጣልቃ ስገባ። ይህ ደንብ ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ገዳማት ዜማውን በፊፍዝና በአራተኛ ርቀት አጅበው ነበር የሚዘምሩት፤ ኦርጋነም ይሉታል። ዜማው የሄደበት ሁሉ ሁለተኛው ድምፅ ይከተለዋል። ያኔ ይህ የሃርመኒ መጀመሪያ ነበር። ክልከላው በጽሑፍ እየጠነከረ የመጣው በ14ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ፣ ድምፆች እያንዳንዳቸው የራሳቸው መንገድ ሲኖራቸው ነው። ዛሬ ተማሪ የሚማርበትን መልክ የሰጠው የኦስትሪያው ፉክስ ነው፣ በ1725 ባሳተመው መጽሐፍ።

ደግሞ ታላላቆቹም ይጥሱት ነበር። ብራምስ ከሌሎች አቀናባሪዎች ሥራ ውስጥ ፓራለል ፊፍዝና ኦክታቭ እየለቀመ በደብተር ይጽፍ ነበር፤ የሙዚቃ ቲዎሪ ሊቁ ሼንከር በ1933 አሳተመው። ስለዚህ አታካብዱ።

አሮጌ ማስታወሻ

ታሪኩ ልክ ነው። ብቻ ብራምስ የለቀመው ለመፍቀድ ሳይሆን የትኛው ያምራል፣ የትኛው አያምርም ብሎ ለመመዘን ነው። እሱ ራሱ በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ሰው ነበር። ኦርጋነሙም ቢሆን ነገሬን አያፈርሰውም። እዚያ ዜማው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፊፍዝ ተጀቦ ነው የሚሄደው፣ ጆሮ ያንን ይለምደዋል። የሚያስቸግረው አራት ሰው ለየብቻው ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ለአንድ ምት ሁለቱ ሲጣበቁ ነው። እኛም ዘንድ ወንዶችና ሴቶች አንድ ዜማ በኦክታቭ ሲዘምሩ ማን ስህተት ይለዋል?

የትዝታ ልጅ

ሁሉንም አነበብኩ። አንድ ሰው ግን አልተናገረውም። ዜማው ትዝታ ሜጀር ነው ተብሏል። ትዝታ ሜጀር ውስጥ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እንጂ ፋ የለም፣ ሲ የለም። እናንተ ፓራለል ለማጥፋት ብላችሁ ቴነሩ ላይ ሲ አስቀመጣችሁ። ፓራለሉ ጠፋ፣ ቅኝቱም አብሮ ጠፋ። እኔ ሲሰማኝ ያቺ ሲ ስትመጣ መዝሙሩ ፓስፖርት አውጥቶ ይሄዳል።

የእሁድ ኪቦርድ

ወንድሜ ሳቄን አመለጠኝ። ግን ኪቦርዱ ላይ የሶል ኮርድ ሁልጊዜ ሲ አለበት እኮ፣ ለምደነዋል።

የትዝታ ልጅ

መልመዱ ሌላ ነገር ነው። ሲዋን አውጣት። ጋሼ የሰጡህን ውሰድና ቴነሩን ዶ ላይ አቁመው፦

ሶፕራኖ፦ ዶ – ሬ – ሚ
አልቶ፦ ሚ – ሶል – ሶል
ቴነር፦ ዶ – ዶ – ዶ
ቤዝ፦ ላ – ሶል – ዶ

አምስቱ የትዝታ ኖታዎች ብቻ። ፈልጉ እስቲ፣ ፓራለል ካለ።

አሮጌ ማስታወሻ

ፈለግሁ፣ የለም። የቆመ ድምፅ ከማንም ጋር ፓራለል አይሠራም፤ ይህ ራሱ ትልቅ መሣሪያ ነው። የቀሩትን ጥንዶችም አይቻቸዋለሁ፣ ንጹህ ናቸው። በድምፅም ያምራል፣ ለቴነሮችም እረፍት ነው።

የማልስማማው አንድ ቦታ ላይ ነው። ሁለተኛው ኮርድ ላይ ዶ ከሬ ጋር ተጎራብታ ትቆማለች፣ ከቤዙ ሶል ጋርም አራተኛ ናት። ይህ ጆሮን ያንጠለጥላል፣ ወደ ሲ ውረድ ውረድ ይላል። አንተ ሳታወርደው ወደ ዶ ኮርድ ትገባለህ። መሃል መዝሙር ላይ ቢሆን ግሩም ነው። ማሳረጊያ ላይ ግን በሩ ሳይዘጋ የተኬደ ይመስለኛል። ሲ ወደ ዶ ስትወጣ ያለው ሳቢ ኃይል ነው «አለቀ» የሚያሰኘው።

የትዝታ ልጅ

ጋሼ በክብር፣ ያ ሳቢ ኃይል የባኽ ነው። ትዝታ የሚያልቀው በሲ ተስቦ አይደለም፤ ዜማው ራሱ ማረፊያውን ያውቃል። ምዕመኑ ያለ ኪቦርድ፣ በጭብጨባ ብቻ ሲዘምረው አላለቀም የሚል ሰው አለ?

አሮጌ ማስታወሻ

የለም። ግን ያኔ ቤዝም የለም፣ ኮርድም የለም። ኮርድ ካስገባህ በኋላ ኮርዱ የራሱን ሂሳብ ይጠይቅሃል። በዚህ እኔና አንተ ባንስማማም የጠየቀው ልጅ አይጎዳም፤ ሁለቱንም ያዘምርና ይምረጥ።

የእሁድ ኪቦርድ

አዘምሬ መጣሁ። መጀመሪያ ሶፕራኖና ቤዝ ብቻቸውን እንዲዘምሩ አደረግኩ፣ ሌላው ዝም። በድሮው አጻጻፍ እውነትም አንድ ሰው ነው የሚመስሉት፣ ራሳቸው ዘማሪዎቹ ተያይተው ሳቁ። ከዚያ በአዲሱ፤ ቤዙ ከላ ወደ ሶል ሲወርድ ሶፕራኖዋ ለብቻዋ ጎላ ብላ ወጣች። ቀጥሎ አልቶና ሶፕራኖን እንዲሁ ፈተንኳቸው።

የጋሼን ቅጂ ስንዘምር አልቶዎች ከሚ ወደ ሶል የምትዘለዋ ቦታ ላይ ይዘገያሉ። ወደ ሬ መውረድ ነው የሚቀናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ በደመ ነፍስ ወረዱ። ልክ እንዳሉት ወዲያው ከቤዙ ጋር ፊፍዙ ተመለሰ! ኖታ ሳላይ በጆሮዬ ያወቅኩት የመጀመሪያው ፓራለል ነው። የትዝታ ልጅን ቅጂ ቴነሮቹ ወደዱት። አንዲት ሶፕራኖ ግን ሬ ላይ ከቴነሩ ዶ ጋር ስትጋጭ ደንግጣ ዝቅ አለች፣ ከቃና ወጣን። ሁለተኛው ስንኝ ላይ የትዝታ ልጅን፣ የመጨረሻው ላይ የጋሼን ላደርግ አስቤያለሁ።

አልቶዋ ከዲሲ

አልቶዎቹን እንዳትቆጣቸው። ሚ–ሶልን ከሌላ መዝሙር የሚያውቁት ዝላይ ጋር አገናኝላቸው፣ ይይዙታል።

ጊታሩ

እሺ ተሸነፍኩ። ግን ኳየሩ ሲዘምር እኔ ከኋላ ፋና ሶል ፓወር ኮርድ ብመታ ያበላሽባችኋል?

የእሁድ ኪቦርድ

ፋን ከመታህማ የላ ማይነሩ ኮርድ ተበላሸ 😂 ላ ላይ ያዘው፣ ከዚያ ሶል። የአንተ ፊፍዝ ለአንተ ይሁን፣ እሱን ማንም እንደ አምስተኛ ዘማሪ አይሰማውም። እንደዚያ ነው አይደል ጋሼ?

አሮጌ ማስታወሻ

እንደዚያ ነው። መሣሪያ ድምፁን ቢያባዛ የኳየሩን መንገድ አይነካም፣ እስካልጮኸ ድረስ።

ቴነር ከሐዋሳ

ለትዝታ ልጅ አንድ ጥያቄ። እኛ ጋ በአንቺሆዬ የተሠራ መዝሙር አለ፣ በአራት ድምፅ ጻፍልን እየተባልኩ ነው። በዚህ ዓይነት አምስቱን ኖታ ብቻ ይዤ ልሂድ?

የትዝታ ልጅ

እሱ ይከብዳል። ከዶ ብትነሳ ያለህ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል እና ላ ነው። ቁጠራቸው፤ ንጹህ ፊፍዝ የሚሆኑት ሁለት ጥንድ ብቻ ናቸው። ፋና ዶ፣ ሶል ቤሞልና ሬ ቤሞል። ሁለቱ ደግሞ በግማሽ ድምፅ ተጎራብተው ነው የተቀመጡት። ሁለት ሰው ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ከሄደ ፓራለል ነው፣ ሌላ መውጫ የለም። እኔ ቤዙን ዶ ላይ አቁሜ ሌሎቹን ብቻ አንቀሳቅሼ ሞክሬያለሁ። በሦስት ድምፅ ይሄዳል። አራተኛውን ምን ልስጠው የሚለው አልተፈታልኝም።

አሮጌ ማስታወሻ

አራተኛውን አትስጠው። ለሁለት ስንኝ ዝም ይበል። የዜማውን ኖታ ለጥፈው፣ ላን የያዘው ድምፅ ወዴት እንደሚሄድ አይተን እንነጋገር።